ሁለቱም አምፖል 3000 ይላል፣ በርበሬው ግን አንድ አይደለም

ሳሎናችን አሁን ማታ ማታ ደስ ይላል። አንድ ወር ሙሉ ስታገልበት ስለከረምኩ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መነሻው ግድግዳው ነው። ቤቱን ስናስቀባ ጠዋት ላይ የጣናን ውሃ የሚመስል ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ መረጥን። ቀን ላይ ያምራል። የነበረን አምፖል ግን 6500 ኬልቪን ነበር፣ ያው ነጭ መብራት የምንለው። ማታ ሲበራ ቤቱ ክሊኒክ ይመስላል። አንድ ምሽት እናቴ መጥታ ገና ሳትቀመጥ «ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። ደህና ነበርኩ።

ቢጫውን፣ 3000 የሚለውን ገዛሁ። ግድግዳው ወደ ግራጫ ሄደ። ይሄ ያለ ነው፤ ቢጫ መብራት ውስጥ ሰማያዊው ብርሃን ትንሽ ስለሆነ ግድግዳው የሚመልሰው ያጣል። ያናደደኝ ፊታችን አሁንም አመድ መምሰሉ ነው። የሐበሻ ቀሚሴ ጥበብ ላይ ደማቅ ቀይና ቡናማ ክር ጎን ለጎን አለ። ማታ ሁለቱ አንድ ሆነው ቁጭ አሉ።

ከዚያ ሌላ 3000 ገዝቼ ሁለቱን አወዳደርኩ። ጠረጴዛ ላይ ካርቶን አቁሜ በግራና በቀኙ አንድ አንድ አምፖል አበራሁ፣ በሁለቱም በኩል በርበሬ በስኒ ማስቀመጫ አደረግሁ፣ መዳፌንም ዘረጋሁ። በአንደኛው በኩል በርበሬው የተቃጠለ ሽሮ መሰለ። በሌላኛው ቀይ ሆኖ ቀረ፣ የጣቶቼም ጫፍ ደም ያለበት መሰለ። ልዩነቱ የአምፖሎቹ ማሸጊያ ላይ ተጽፏል፦ ሲአርአይ 80 እና 95፣ ማለትም መብራቱ ቀለማትን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካው ቁጥር። ኬልቪን የሚነግራችሁ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ማድላቱን ብቻ ነው። ኤልኢዲ ብርሃኑን የሚያወጣው ከሰማያዊ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ቢጫ ቅብ ቀሪውን ይሞላል፣ ርካሹ ላይ ግን ጠለቅ ያለው ቀይ ይጎድላል። ቆዳችን ደግሞ ጤነኛ የሚመስለው በዚያ ቀይ ነው። 80 የሚለው ቁጥር ራሱ የስምንት ፈዛዛ ቀለሞች አማካይ ስለሆነ የደማቁን ቀይ ጉድለት ይሸፍናል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አትመኑ፣ መዳፋችሁን እዩ። በስልክ ፎቶ ግን አትፍረዱ፣ ካሜራው ቀለሙን በራሱ ያስተካክለዋል።

ቀለምን በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው፦ ከሱቅ በር ላይ፣ በቀን ፀሐይ መምረጥ ስህተት ነው። ትንሽ ገዝታችሁ ትልቅ ካርቶን ቀቡ፣ ግድግዳው ላይ አስደግፉና ማታ አንድ ሰዓት ላይ በራሳችሁ አምፖል እዩት። እኔ ይህን አላደረግሁም፣ ስለዚህ ግድግዳዬ ማታ ማታ ዛሬም ትንሽ ግራጫ ነው።

ማድ ቤቱን ገና አልቀየርኩም፣ እዚያ ነጩ ነው ያለው። በሩ ሲከፈት ዓይን ለየትኛው እንደሚለምድ ይጠፋዋል፣ ሳሎኑም ድንገት ብርቱካንማ ይሆናል። እስክቀይረው እራት ላይ በሩን እንዘጋለን።