የአለባበስ ደንቡን ለሠራተኞች ያሳወቅኩበት መልዕክት፦ እንዴት ጻፍኩት፣ ምን ተማርኩ

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ለዓመታት የኖረው የአለባበስ ደንብ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። «ሠራተኞች ሥርዓት ያለው አለባበስ እንዲለብሱ ይጠበቃል» ይላል። አንዱ ሲያነበው ክራባት ማለት ነው ብሎ ያስባል፣ ሌላው ቁምጣ ብቻ አትልበስ የተባለ ይመስለዋል። ሁለት የክፍል ኃላፊዎች በአንድ ቀን፣ ስለ አንድ ዓይነት ሱሪ፣ ለሁለት ሠራተኞች የተለያየ መልስ ሲሰጡ ነው አዲስ ደንብ አውጥተህ ለሁሉም አሳውቅ የተባልኩት።

ያሉን ክፍሎች ሦስት ናቸው። ደንበኛ የሚቀበሉት፣ ቢሮ ውስጥ የሚሠሩትና ዕቃ በማጓጓዣ ቀበቶ የሚያስተላልፈው መጋዘን። ሁሉንም በአንድ ልክ ማልበስ እንደማይቻል ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር።

መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ኃላፊዎቹን መከልከል አለበት የምትሉትን አምጡ አልኳቸው። ዝርዝሩ ረጅም ሆኖ መጣ። ቀለም የተቀባ ጸጉር፣ ንቅሳት፣ ጢም፣ ጂንስ፣ ስኒከር፣ ረጅም ጥፍር፣ የጆሮ ጌጥ፣ እጅጌ የሌለው ካናቴራ፣ ሸበጥ። ከዚያ እያንዳንዱን እየጠቆምኩ «ይህ ለምን ይከልከል?» ብዬ ጠየቅኩ። የምቀበላቸው ምክንያቶች ሦስት ነበሩ፦ ሰው ይጎዳል፣ ንጽሕናን ያበላሻል፣ ወይም ደንበኛ ፊት ስንቀርብ ማን የቤቱ ሠራተኛ እንደሆነ አይለይም። «ደስ አይልም» የሚለውን አልቀበልም አልኩ። ጸጉርና ጢም እዚያው ወደቁ። ንቅሳትም እንዲሁ፣ ሰው የሚሰድብ ጽሑፍ ወይም ምስል ካልሆነ በቀር።

መጋዘኑ ላይ ግን ዝርዝሩ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የሚሽከረከር ነገር ባለበት ቦታ አደጋው የሚመጣው ከሚንጠለጠል ነገር ነው። ሰፊ እጅጌ፣ ያልታሰረ ጸጉር፣ የአንገት ሐብል፣ የሹራብ ኮፍያ ገመድ፣ ሁሉም በማጓጓዣ ቀበቶው ሊያዙ ይችላሉ። የጣት ቀለበትም ቀላል አይደለም፣ አንድ ነገር ላይ ከተጠለፈ ጣት ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ይህን ስጽፍ አንድ ተቃርኖ አገኘሁ። የጥበቃ ክፍሉ መታወቂያ አንገት ላይ ይንጠልጠል ይላል፣ እኔ ደግሞ አንገት ላይ ምንም አይንጠልጠል ልል ነው። መልዕክቱ ሳይወጣ ከጥበቃ ኃላፊው ጋር ተነጋግረን መጋዘን ውስጥ መታወቂያው ደረት ላይ በመቆንጠጫ እንዲያዝ ተስማማን። ሌላ ቤት ውስጥም ደንብ የሚጽፍ ሰው ካለ ይህን ቢያይ ደስ ይለኛል። አዲሱ መልዕክት ከነባር መመሪያ ጋር ሲጋጭ፣ የሚጨነቀው በሁለቱ መካከል የቆመው ሠራተኛ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ከባዱ ሥራ ቃላቱ ነበሩ። «ጨዋ»፣ «አጭር»፣ «ጠባብ»፣ «የሚያጋልጥ» የሚሉትን ከረቂቁ አወጣኋቸው። «ጠባብ» የሚለውን ብቻ እንይ። አንድ ዓይነት ሱሪ ቀጭን ሰው ላይና ወፍራም ሰው ላይ እኩል አይታይም። ደንቡ «ጠባብ አይለበስ» ካለ ኃላፊው የሚመዝነው ልብሱን ሳይሆን የሰውየውን ገላ ይሆናል፣ በተለይ የሴቶችን። ስለዚህ ልብሱን በስሙ ጠራሁት፦ ታይት ብቻውን እንደ ሱሪ አይለበስም፣ ከላይ ጉልበት የሚደርስ ልብስ ካለ ይቻላል። «አጭር» በሚለው ምትክ ቀሚስም ጉርድም ቆመው ሲታዩ ጉልበት ይድረስ አልኩ። «የሚያጋልጥ» ደግሞ ትከሻ የሚሸፍን ልብስ ወደሚል ተለወጠ። ይህኛው ለወንድም ለሴትም እኩል ይሠራል፣ ካናቴራ የሚለብሰውንም ወንድ ይይዛል።

ለወንድና ለሴት እኩል ይሁን የሚለው ሐሳብ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ለንደን ውስጥ አንዲት ጊዜያዊ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ተረከዝ ጫማ አላደርግም በማለቷ ያለ ክፍያ ወደ ቤት መመለሷ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወራ ከ150 ሺህ በላይ ሰው አቤቱታ ፈርሞ ነበር። ወንዶቹ ባልደረቦቿ ቀኑን ሙሉ በዝቅተኛ ጫማ ይቆማሉ። የእኛንም ረቂቅ በዚህ ዓይን አነበብኩት። ይህ መስመር አንዱን ወገን ብቻ ያሳምማል ወይ፣ ገንዘብ ያስወጣል ወይ፣ ጊዜ ይወስዳል ወይ? «ሴቶች ቀላል ሜካፕ ይቀቡ» የሚል መስመር ከአንድ ኃላፊ መጥቶ ነበር። ጠፋ።

ጂንስ ከሁሉም በላይ አከራከረን። ግማሹ ኃላፊ ፈጽሞ አይሆንም አለ፣ ግማሹ ራሱ ጂንስ ለብሶ ነበር ስብሰባው ላይ የተቀመጠው። መጨረሻ ላይ ቢሮና መጋዘን ውስጥ ያልተቀደደ ጂንስ ይፈቀድ፣ ደንበኛ መቀበያ ላይ አይፈቀድ ብለን ጨረስን። መቀበያው ላይ ምክንያቱ አንድ ነው፤ የሚመጣው እንግዳም ጂንስ ስለሚለብስ ማንን መጠየቅ እንዳለበት አያውቅም።

የተላከው መልዕክት ዋናው ክፍል ይህ ነው፦

«ውድ የሥራ ባልደረቦች፣

ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ የአለባበስ ደንብ ይኖረናል። የቀድሞው አንድ ዓረፍተ ነገር ለተለያየ ትርጉም ስለተጋለጠ ነው የቀየርነው፤ አንድም ሰው አጥፍቶ አይደለም።

ሁላችሁንም የሚመለከተው፦ ልብሱ ትከሻን ይሸፍን፣ ቀሚስና ጉርድ ጉልበት ይድረስ፣ ያልተቀደደና የታጠበ ይሁን። ቁምጣ፣ እጅጌ የሌለው ካናቴራ፣ ሸበጥ፣ የስፖርት ቱታ እና ስድብ ወይም የፖለቲካ ቅስቀሳ የተጻፈበት ልብስ በሥራ ሰዓት አይለበስም።

ደንበኛ መቀበያ፦ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ወይም ሹራብ፣ የጨርቅ ሱሪ ወይም ጉርድ፣ ወይም ቀሚስ። ጂንስ አይፈቀድም። ጫማ የተዘጋ ይሁን፣ ተረከዝ ይኑረው አይኑረው የእናንተ ምርጫ ነው። ክራባት ግዴታ አይደለም።

ቢሮ፦ ጂንስ፣ ቲሸርትና ስኒከር ይፈቀዳሉ።

መጋዘን፦ ሴፍቲ ጫማና የሥራ ጋዋን መሥሪያ ቤቱ ያቀርባል። ቀለበት፣ የአንገት ሐብልና የሚንጠለጠል የጆሮ ጌጥ ከመግባታችሁ በፊት ይወልቃል። ረጅም ጸጉር ይታሰራል። መታወቂያ ደረት ላይ ይያዛል።

በእምነት ምክንያት የሚለበስ ሻሽ፣ ሂጃብ፣ ጥምጥም ወይም ሌላ ልብስ በሁሉም ክፍል ይፈቀዳል። መጋዘን ውስጥ ጫፉ ጋዋኑ ውስጥ ይግባ። በጤና ወይም በእርግዝና ምክንያት ሌላ ልብስ ወይም ጫማ የሚያስፈልጋችሁ ለእኔ ወይም ለሰው ሀብት ክፍል በግል ንገሩን፤ ምክንያቱን ለኃላፊያችሁ መዘርዘር አይጠበቅባችሁም።

ጥያቄ ያላችሁ ልብሱን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁኝ።»

መጨረሻዋን መስመር ያስገባኋት ሆን ብዬ ነው። ሰው አዲስ ሱሪ ከገዛ በኋላ «አይሆንም» ሲባል የሚሰማው ንዴት ከደንቡ ጋር ዕድሜ ልክ ያጣላዋል። የሚጀምርበትንም ቀን ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ እንዲውል ያደረግኩት ለዚሁ ነው።

አላላኩም ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ኃላፊዎቹ ከሠራተኛው አንድ ቀን ቀድመው አዩት። ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አጠገቡ ያለውን አለቃ ነው፣ አለቃው «እኔም አሁን ነው ያየሁት» ካለ መልዕክቱ እዚያው ይሞታል። ለሁሉም የተላከው በሳምንቱ መጀመሪያ ጠዋት ላይ ነው። የሳምንቱ መጨረሻ ማታ የተላከ ደንብ ሁለት ቀን ሙሉ ያለ መልስ ይወራበታል።

በዚያው ቀን ከመጋዘን አንዲት ባልደረባ ቢሮዬ መጣች። «እርስዎ የጻፉት ላይ ቀለበት ይወልቃል ይላል። የጋብቻ ቀለበቴ ግን አይወልቅም፣ ጣቴ አብጧል። ምን ላድርግ?» አለችኝ። «እንዲህ ከሆነማ በግድ አታውልቂው» አልኳት። ለጊዜው ከቀበቶው ርቃ ዕቃ መመዝገቢያው ጋ እንድትሠራ ከኃላፊዋ ጋር ተስማማን። ቀለበቱን በቴፕ ሸፍኖ መሥራት የሚል ሐሳብ ከሌሎች መጥቶ ነበር፣ ቀበቶው ጋ ለሚሠራ ሰው ግን አልተቀበልኩትም። ቴፕ መጠለፉን ይቀንስ ይሆናል፣ ጨርሶ አያስቀርም።

ደንቡን የማስከበሩን ነገር ለኃላፊዎች ለብቻ ጻፍኩላቸው። ለብቻ ጥሩት ወይም ጥሯት፣ ሰው ፊት አይሁን፣ በቡድን ቻት ላይም አይጻፍ። ስለ ልብሱ ብቻ ተናገሩ። ምሳሌም ሰጠኋቸው፦ «ይህ ቲሸርት መቀበያ ላይ ከተፈቀደው ውጪ ነው፣ ከነገ ጀምሮ ኮሌታ ያለው ብታደርጊ ይበቃል።» ያበቃል እዚያ ላይ። «እንዲህ ለብሰሽ ምን ልትመስይ ነው» ዓይነት ንግግር ደንቡን ሳይሆን ሰውየዋን ነው የሚነካው። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ወደ ቤት አይመለስም። ከዚህ ውጪ የሆነው የመጋዘኑ ብቻ ነው፤ ያለ ሴፍቲ ጫማ የመጣ ሰው የመጀመሪያ ቀኑም ቢሆን ወደ ቀበቶው አይጠጋም፣ ትርፍ ጫማ እስኪሰጠው ሌላ ሥራ ይሠራል።

መልዕክቱ ከወጣ በኋላ የመጣልኝን ጥያቄ ሁሉ በአንድ ወረቀት እየጻፍኩ ከየትኛው መስመር እንደመጣ አጠገቡ አመለክት ነበር። አንድ ሰው ከጠየቀ ያ ሰው አላነበበውም ማለት ይሆናል። ብዙ ሰው ስለ አንድ መስመር ከጠየቀ ግን መስመሩ ነው የሚታረመው። በብዛት የተጠየቀው «የስፖርት ቱታ» የሚለው ነበር፣ ምክንያቱም አሁን ብዙ የቢሮ ሱሪዎች ወገባቸው ላስቲክ ነው። በሦስተኛው ወር ስናሻሽለው «የስፖርት ቱታ ማለት ጎኑ ላይ መስመር ወይም የስፖርት ኩባንያ ምልክት ያለው፣ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚሰበሰብ ሱሪ ነው፤ የወገብ ላስቲክ ብቻውን አያስከለክልም» ብለን ጻፍነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቱታ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ አሁን የሚጠይቁኝ ስለ ክፍት ጫማ ነው።