9 ሊትር ገዝቼ 13 ሊትር የጠጣው ግድግዳ

ደብረ ብርሃን ያለውን የእናቴን ሳሎን ሳሳድስ የቀለሙን ሒሳብ የሠራሁት እኔ ነኝ። ቤቱ 5 በ4 ሜትር ነው፣ ቁመቱ 2.8። ዙሪያው 18 ሜትር ስለሆነ ግድግዳው 50.4 ካሬ መጣ። በርና ሁለቱን መስኮቶች ስቀንስ 45 ካሬ ገደማ ቀረኝ። ኮርኒሱ 20 ካሬ ነው።

የቀለሙ ቆርቆሮ ላይ «1 ሊትር 10 ካሬ ይሸፍናል» ይላል። ሁለት እጅ ነው የሚቀባው። ስለዚህ ለግድግዳው 9 ሊትር፣ ለኮርኒሱ 4 ሊትር ገዛሁ። ኮርኒሱ በልኩ አለቀ። ግድግዳው ግን ጉድ ሠራኝ።

ልስኑ አዲስ ነበር፣ ስቱኮም አልተቀባም። ቀለም ቀቢው ሮለሩን ሲያሳርፈው ቀለሙ ወዲያው ይደበዝዛል፤ ሮለሩም እየያዘ ይጎተታል። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ እየጠጣ ነው» አለኝ። አንደኛው እጅ ብቻ 8 ሊትር በላ። በካሬ ሲታይ 1 ሊትር የሸፈነው 5.6 ካሬ ብቻ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው እጅ ላይ ልስኑ ስለጠገበ 5 ሊትር በቃው። ኮርኒሱ የዳነው ድሮ የተቀባ ስለነበር ነው።

የጎደለውን 4 ሊትር በማግስቱ ገዛሁ። ያው ስም፣ ያው ክሬም። ግን ሌላ ጊዜ የተበጠበጠ ነው። ሲደርቅ ከመስኮቱ በስተግራ ከላይ እስከ ታች መስመር ወጣ።

ቀጥሎ መኝታ ቤቱን ስቀባ ቆርቆሮውን አላመንኩም። ልስኑን በደንብ ጠረግኩና በእርጥብ ጣቴ ነካሁት። እርጥበቱ ወዲያው ጠፋ፣ ይጠጣል ማለት ነው። ሮለሩ መጀመሪያ ራሱ ስለሚጠጣ በቀለም አራስኩትና በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ለክቼ ቀለም ሳህኑ ላይ ገለበጥኩ። እስኪያልቅ ቀባሁና የደረሰበትን በሜትር ለካሁ፤ 3 ካሬ። በሊትር 6 ካሬ ነው።

ከዚያ ሁለቱን እጅ ለየብቻ አሰላሁ። ግድግዳው 38 ካሬ ነው። ለአንደኛው እጅ 38 ለ6 ሲካፈል 6.3 ሊትር። ለሁለተኛው፣ ሳሎኑ እንዳሳየኝ በሊትር 9 ካሬ ብዬ፣ 4.2 ሊትር። ድምሩ 10.5 ነው። ባለ 4 ሊትር ሦስት ጋሎን ገዛሁ። ሦስቱንም አንድ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ቀላቀልኳቸው፣ መስመር እንዳይወጣ። አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ተረፈኝ።

ቀቢው «ለአንደኛው እጅ ውሃ ጨምረህ አቅጥነው» ብሎኝ ነበር። ልክ ነው፣ ግን ቆርቆሮው ከሚፈቅደው በላይ ከቀጠነ ሲደርቅ እንደ ጠመኔ እጅ ላይ ይቀራል። በፕራይመር መጀመርም ይቻላል። ያኔም ቢሆን ልስኑን የሚያጠግበው ፕራይመር ለብቻው ይሰላል።

የሳሎኑን መስመር እናቴ ቁምሳጥን አስጠግታበታለች።