ለሁለተኛ ካስክ ብድር፦ ሦስተኛው ረቂቅ

ለሁለተኛ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ መግዣ ብድር የሚቀርበው የፀጉር ሳሎኑ ቢዝነስ ፕላን በሦስተኛው ረቂቅ ሒሳቡ ገጠመ። ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ቁጥር፣ የኪራይ ውልና ፕሮፎርማ ማሟላት የእግር ሥራ ነው፤ አልዘረዝረውም። ብቻ ፕሮፎርማው ላይ ዋጋው የሚጸናበትን ቀን እዩ። ብድሩ ሳይጸድቅ ካለፈ ሻጩ ዋጋ ይጨምርና ልዩነቱ ከኪስ ይወጣል።

ያስቸገረው የገቢ ግምቱ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ «አንድ ሰው ካስክ ውስጥ 45 ደቂቃ ይቆያል፣ በቀን 10 ሰዓት ከተሠራ 13 ሰው ይስተናገዳል» ይላል። የብድር ኦፊሰሩ ይህን አያምንም፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ያለውም ካስክ ሥራ ፈቶ ነው የሚውለው። ሁለተኛው ካስክ ገንዘብ የሚያመጣው ቅዳሜና የበዓል ዋዜማ፣ ወረፋ አይታ የምትመለስ ደንበኛ ስላለች ነው። ስለዚህ መቆጠር ያለባት የተመለሰችው ናት። አራት ቅዳሜ በደብተር መመዝገብ ከአሥር ገጽ የገበያ ጥናት ይበልጣል።

በምሳሌ እንየው። በየቅዳሜው 6 ሰው ቢመለስ በወር 24 ነው። ከአንዷ 300 ብር ይገባል፤ ከዚያ ላይ የሠራተኛ ኮሚሽን 90፣ ሻምፑ፣ ቅባትና መብራት 60 ሲቀነስ 150 ይተርፋል፤ በወር 3,600 ብር። ለካስኩ፣ ለወንበሩና ለመብራት መስመሩ 60,000 ብር በ24 ወር፣ በዓመት 18 በመቶ፣ በቀሪው ዕዳ ላይ በሚታሰብ ወለድ ብትበደሩ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 3,000 ብር ነው። 600 ተረፈ።

ታዲያ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ የለም፤ ገቢው በግማሽ ቢወርድ በወር 1,200፣ በሁለት ወር 2,400 ብር ይጎድላል። የዓመቱን ገቢ ለ12 ማካፈል ይህን ጉድለት ይደብቀዋል፤ ሁለተኛው ረቂቅ የወደቀውም በዚሁ ነው። ክፍያው ጥቅምት ላይ ከጀመረ ግን እስከ ጥር የሚጠራቀመው 600 በአራት ወር 2,400 ይሆናል፤ ጉድለቱን ልክ ይሸፍናል። ጥር ላይ መበደር ስህተት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ወለዱ መጀመሪያ በተበደራችሁት ሙሉ ገንዘብ ላይ ቋሚ ሆኖ የሚታሰብ ከሆነ፣ ያው 18 በመቶ ክፍያውን 3,400 ያደርሰዋል። የሚተርፈው 200 ብቻ ስለሆነ በአራት ወር 800 ይጠራቀማል፤ የጾሙ ጉድለት ግን 3,200 ነው። «ስንት ፐርሰንት ነው?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ፤ በምን ላይ እንደሚታሰብ ጠይቁ።

የመብራት መስመሩን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አንድ ካስክ ወደ 1,000 ዋት ይወስዳል፤ ሁለት ካስክና የውሃ ማሞቂያ በአንድ ባለ 10 አምፔር መስመር ላይ አብረው ከበሩ ቅዳሜ ጠዋት ብሬከሩ ይወርዳል። የኤሌክትሪሺያኑ ዋጋ በፕላኑ ውስጥ በራሱ ረድፍ ይግባ። የበዓል ዋዜማ ገቢን ግን ሆን ብዬ አላስገባሁም፤ ኦፊሰሩ ከጠየቀ ለብቻው ይታያል።