አያት፣ እናትና ልጅ በአንድ ፎቶ፦ ቆዳቸውን ፕላስቲክ ሳላደርግ ኤዲት ያደረግኩበት መንገድ

ሳሎን ግድግዳ ላይ በትልቁ ታትሞ የሚሰቀል የቤተሰብ ፎቶ ነበር። አያቲቱ ጥቁር ናቸው፣ እናትየው ጠይም፣ ልጅቷ ቀይ ዳማ። ሦስቱም የሀበሻ ቀሚስ ለብሰው ነጠላ አጣፍተዋል። አያቲቱ አንገታቸው ላይ የቆየ ንቅሳት አላቸው። ሳሎኑ ደግሞ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ሲሆን ብርሃኑ የሚገባው ከአንድ ትልቅ መስኮት ብቻ ነው። ገና ሳነሳ ልጅቷ "አያቴን ትንሽ አለስልሳቸው፣ ሽብሽቡ ይቀነስ" አለችኝ። እናትየው ደግሞ "እኔንም ቀላ አድርገኝ የኔ ልጅ" አሉ።

ሁልጊዜ የምጀምረው ከቀለም ነው፤ ማለስለስ በኋላ ይደረሳል። ፊት ላይ እንደ ጉድለት የሚታየን ብዙ ነገር የቆዳ ሳይሆን የብርሃን ዝብርቅ ነውና፣ ቀለሙ ሲስተካከል ግማሹ ራሱ ይጠፋል። ለዚህ ብዬ ከዋናው ፎቶ በፊት አያቲቱ ግሬይ ካርድ፣ ማለትም ለቀለም መለኪያ የሚሆን ግራጫ ካርድ፣ ፊታቸው አጠገብ ይዘው አንድ ፍሬም አንስቼ ነበር። ካርድ በሌለበት ብዙዎቻችን ነጠላው ላይ ክሊክ እናደርጋለን፤ ነጭ ነው ብለን። ግን በእጅ የተፈተለ ጥጥ ወደ ክሬም ያደላል፣ በማንጫ ኬሚካል የታጠበው ደግሞ በመስኮት ብርሃን ሰማያዊ ይላል። ሰማያዊውን "ነጭ" ብለን ስናስተካክል ፊቱ ሁሉ ቢጫ ይሆናል። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው ይመስላል።

ካርዱ መስኮቱን አስተካከለልኝ፣ ግድግዳውን ግን አይችልም። በመስኮት በኩል ያለው ጉንጭ ደህና ሆኖ በጥላው በኩል ያለው አረንጓዴ ቀረ። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም በጥላው ጎን ብቻ ብሩሽ ቀባሁና Tint የሚለውን በትንሹ ወደ ማጀንታ ገፋሁት። ዓይን ቶሎ ስለሚለምድ ግን በዓይኔ ብቻ አላመንኩም፤ ጠቋሚውን ፊታቸው ላይ አድርጌ ቁጥሮቹን አነበብኩ። የእናትየው ግንባር ከመስተካከሉ በፊት ቀይ 42፣ አረንጓዴ 36፣ ሰማያዊ 25 በመቶ አካባቢ ነበር፤ በኋላ 45፣ 33 እና 25 ሆነ። ቆዳ ጠቆረም ቀላም፣ በተለመደ ብርሃን ቀይ ከአረንጓዴ፣ አረንጓዴ ከሰማያዊ ይበልጣል። ቀይና አረንጓዴ በጣም ከተቀራረቡ ፊቱ የታመመ ይመስላል፤ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴው ሲጠጋ ደግሞ አመድ ይለብሳል። ቁጥሩ ምልክት እንጂ ሕግ አይደለም፤ የሦስቱም ሰው ቁጥር እንዲመሳሰል መጎተት ራሱ ጥፋት ነው።

ወደ እናትየው ጥያቄ ልምጣ። "ቀላ አድርገኝ" ሲባል ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ብርቱካናማው Luminance፣ ማለትም የዚያን ቀለም ድምቀት ወደሚቆጣጠረው፣ ነው። እሱን ከፍ ስናደርግ ቡናማ የሆነው ሁሉ ይነጣል፤ ጥላው ይሳሳል፣ ከንፈር ግን አብዛኛው ቀይ ውስጥ ስለሚመደብ ባለበት ጠቁሮ ይቀራል፣ እናም ከፊቱ የተለየ ይሆናል። ጥቁር ቆዳ ላይ ሲሆን ይብሳል፤ ስዕሉ ጥቃቅን ነጠብጣብ ያወጣል፣ ፊቱም ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። እኔ ያደረግኩት የእናትየውን ፊትና አንገት አንድ ላይ መርጬ Exposure በ0.3 መጨመር ብቻ ነው። አንገቱን መርሳት አይገባም፤ ፊት በርቶ አንገት ከጨለመ ሌላ ሰው አንገት ላይ የተቀጠለ ያስመስላል። የሴትየዋ ዋና ችግር ቀለማቸው ሳይሆን ካሜራው ነበር ለማለት እደፍራለሁ፤ ሦስት ነጭ ቀሚስ ፊቱ ተደርድሮለት ሲለካ ብርሃን ቀንሶ ሁሉንም አጨልሟል።

ከዚያ ፎቶሾፕ። ፍሬክዌንሲ ሴፓሬሽን የሚባለውን እዚህ ሆን ብዬ ተውኩት። ዘዴው ፎቶውን ለሁለት ይከፍላል፤ ቀለምና ጥላ በአንድ ሌየር፣ ጥቃቅኑ የቆዳ ዝርዝር በሌላው። ከዚያ የቀለሙ ሌየር ይደበዝዛል። ለፋሽን ፎቶ በጥንቃቄ ሲሠራ ጥሩ ነው። የአያቲቱ ንቅሳት ግን ቀለምም መስመርም ነው። የታችኛው ሌየር ሲደበዝዝ ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለም ወደ ቆዳው ይፈሳል፤ ላይ የሚቀረው ግራጫ ጭረት ብቻ ነው። ሁለተኛው ጉዳት በጥቁር ቆዳ ላይ ይበልጥ ይታያል። የጥቁር ፊት ቅርጽ የሚነበበው በአብዛኛው በግንባር፣ በአፍንጫ ጫፍና በጉንጭ አጥንት ላይ በሚያርፈው ብልጭታ ነው። ማደብዘዙ ያንን ብልጭታ ከዙሪያው ጋር ሲያዋህደው ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል።

ስለዚህ መጀመሪያ ባዶ ሌየር ከፍቼ፣ ሂሊንግ ብሩሹን Sample: Current & Below ላይ አድርጌ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ የሚጠፋውን ብቻ አነሳሁ፦ የልጅቷን ሁለት ብጉሮች፣ ቀሚስ ላይ የወደቀ ፀጉር፣ የእናትየውን የደረቀ ከንፈር ቅርፊት። ማርያም ስማ የሄደችበት፣ ሽብሽብ፣ ንቅሳት በዚህ ብሩሽ አልተነኩም።

ቀሪው በዶጅ ኤንድ በርን ሄደ። ሁለት Curves ሌየር፣ አንዱ የሚያበራ ሌላው የሚያጨልም፣ እስኪቀባ ድረስ ምንም እንዳይታይ ሁለቱም ማስካቸው ጥቁር ሆኖ፣ በነጭ ብሩሽ Flow 3 በመቶ እየቀባሁ። በላያቸው ቀለሙን ወደ ጥቁርና ነጭ የሚቀይር ጊዜያዊ ሌየር ካደረግሁ ዝብርቁ በደንብ ይታየኛል። የአያቲቱን ሽብሽብ ያለዘብኩት በዚህ ነው፤ ሽብሽብ ጎልቶ የሚታየው ከጎን በሚመጣ ብርሃን ሥሩ ስለሚጨልም ነው። ሥሩን በጥቂቱ ካበራሁት መስመሩ እዚያው እያለ ጥልቀቱ ይቀንሳል፤ የቆዳው ዝርዝርም አይነካም። የእናትየው ጉንጭ ላይ ማዲያት ነበር። እሱን ሳበራው ከዙሪያው ግራጫ ሆኖ ቀረ፣ ስለዚህ Color በሚል ሞድ አዲስ ሌየር ከፍቼ ከአጠገቡ ያለውን ቀለም በ10 በመቶ ቀባሁበት። ሙሉ በሙሉ አላጠፋሁትም፤ የሚያውቃቸው ሰው ያጣዋል።

ሥራው ሲያልቅ የሁለቱን Curves ሌየር Opacity ወደ 70 በመቶ አወረድኩ። ከሰዓታት በኋላ ዓይን ሚዛኑን ይስታል፣ ሁልጊዜ ከሚበቃው በላይ ቀብተን ነው የምናገኘው። ከዚያ 100 በመቶ አጉልቼ ፊቱን ከጆሮና ከእጅ ጋር አስተያየሁ። ጆሮው ላይ የቆዳ ቀዳዳ እየታየ ጉንጩ ላይ ካልታየ፣ ወይም የቆዳው ዝርዝር ፀጉር ሥር ሲደርስ ድንገት ቢቆረጥ፣ ማለስለሱ አልፏል ማለት ነው። ስልክ ላይ ይህ አይታይም። በትልቁ ሲታተም ግን ከበር ይታያል።

ለማተም የሄድኩት የስክሪኔን ብርሃን ቀንሼ ነው። በጣም የበራ ስክሪን ላይ ደህና የሚመስል ጥቁር ፊት ወረቀት ላይ ይሰምጣል። የሦስቱን ፊት ብቻ ቆርጬ በትንሹ አሳተምኩ፣ በቀን ብርሃን አየሁት። የአያቲቱ የጥላ ጎን ጠቁሮ ስለነበር በ0.2 ከፍ አድርጌ ትልቁን በማት ወረቀት አሠራሁ፤ የሚያብረቀርቅ ወረቀት መስኮት ፊት ለፊት ሲሰቀል ጥቁር ፊት ላይ የሳሎኑን ነጸብራቅ ያሳያል። እናትየው ሲያዩት አሁንም ትንሽ መቅላት ፈልገው ነበር። አያቲቱ ግን ንቅሳታቸውን በጣታቸው እየቆጠሩ "አንዱንም አላጎደለም" አሉ፣ ክርክሩም በዚያው ቆመ።