«በ84» ያሉት በኛ ነው በፈረንጅ?

ማክሰኞ ማታ። መልሱ አሁን ደረሰ። አራት መስመር ብቻ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ፊቴ ጋለ።

የሆነውን ልጻፈው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጡረታ የወጡ ቡና ቀማሽ ቃለ መጠይቅ አድርጌ ነበር። ጋሼ እላቸዋለሁ፣ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ተቀዳን። እኔ ከዚያ ውስጥ ወደ ሁለት ገጽ የሚጠጋ ማጠቃለያ አወጣሁና ከመታተሙ በፊት ጥቅሶቹን እንዲያዩልኝ ላክሁላቸው። ጋሼ ኢሜይል አይጠቀሙም። መልእክቱ የሚደርሰው ቨርጂኒያ ላለችው ልጃቸው ነው። እሷ ስልክ ደውላ ታነብላቸዋለች፣ እሳቸው ይመልሳሉ፣ እሷ ትጽፋለች።

ስለዚህ ያንን ኢሜይል ስጽፍ ለዓይን ሳይሆን ለጆሮ ነበር የጻፍኩት። ረጅም ዓረፍተ ነገር በስልክ ሲነበብ መሃል ላይ ይጠፋል። ጥቅሶቹን ቁጥር የሰጠኋቸውም ለዚሁ ነው። «ያቺ ስለ ማድረቂያው ያልኳት» ከሚሉኝ «አራተኛው» ቢሉኝ ይቀለኛል።

እንዲህ መጻፍ የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። ከዚህ በፊት አንድ ጡረተኛ መምህር አነጋግሬ ሙሉ ጽሑፉን አያይዤ ላክሁና ከሥሩ «አስተያየትዎን ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል» አልኩ። ትሕትና መስሎኝ ነው። ሰው አስተያየት ሲጠየቅ አስተያየት ይሰጣል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጽሑፉ ተመልሶ መጣ። ያ ቀልደኛ ሰውዬ የለም። «ተማሪ ሲያስቸግረኝ እኔም አስቸግረዋለሁ» ያሉት ተሰርዞ «የተማሪን ሥነ ምግባር መገንባት የሁላችንም ኃላፊነት መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል» ተብሏል። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። ምን መንካት እንደሚችሉና ምን እንደማይችሉ አልነገርኳቸውም። ያ ጽሑፍ እስካሁን አልወጣም።

ለጋሼ የላክሁት ይኸው፦

ርዕስ፦ የቃለ መጠይቁ ማጠቃለያ፣ 5 ጥቅሶች፣ እስከ ማክሰኞ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

ስለ ሰጡኝ ጊዜ ከልብ አመሰግናለሁ። የተጨዋወትነውን አሳጥሬ ከታች አስቀምጫለሁ። ቃል በቃል ከእርስዎ የወሰድኳቸው 5 ጥቅሶች ቁጥር አላቸው። ከጎናቸው ያለው በድምፅ ቅጂው ላይ የተናገሩበት ደቂቃ ነው።

የምጠይቅዎ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጥቅሶቹና ከፊታቸው የጻፍኳት ዓረፍተ ነገር እርስዎ ለማለት የፈለጉትን ይላሉ? ሁለተኛ፣ በስም፣ በዓመትና በቁጥር ላይ የሳትኩት አለ? በተለይ ጥቅስ 2 ላይ «በ84» ያሉት በኛ ነው በፈረንጅ?

የጽሑፉ ርዕስና አካሄድ የእኔና የአርታኢዬ ድርሻ ነው፤ እሱን ይተዉልን። የተናገሩት ነገር እንዲቀር ከፈለጉ ግን ምክንያቱን ይንገሩኝና እንነጋገርበታለን።

መልስዎን እስከ ማክሰኞ በአዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ብጠብቅ? እህቴ፣ አንቺ ጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው (በፈረንጅ 9)። እስከዚያ መልስ ካልመጣ እኔው እደውላለሁ። በስልክም ካልተገናኘን ከቅጂው ጋር ያመሳከርኳቸውን ይዤ እወጣለሁ፣ ጥቅስ 2ን ግን አስቀረዋለሁ።

አክባሪዎ

ማጠቃለያውን አላያያዝኩትም፣ እዚያው ከፊርማዬ ሥር ለጠፍኩት። በስልክ ለምታነብ ሰው ሌላ ፋይል ክፈቺ ማለት ሥራ መጨመር ነው። በዚያ ላይ ተያይዞ የሄደ ሰነድ ውስጥ ሰው ገብቶ ማረም ይጀምራል።

የመጨረሻዋ አንቀጽ ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። አንዳንድ ሰው «እስከዚህ ቀን መልስ ካልሰጡ እንደተስማሙ እቆጥራለሁ» ብሎ ይዘጋል። ለድርጅት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ከሆነ ይሁን። ለአንድ ሽማግሌ ግን ዝምታ መስማማት ላይሆን ይችላል። ስልኩ ተዘግቶ ይሆናል፣ ልጅቷ ሥራ ላይ ትሆናለች፣ ወይ ደግሞ ነገሩ ቅር ብሏቸው እኔን ላለማስቀየም ዝም ብለው ይሆናል። የመጨረሻው ነው የሚያስፈራኝ። ስለዚህ ዝም ካሉ ምን እንደማደርግ በግልጽ ጻፍኩ።

በነገራችን ላይ፣ ይህን የማያደርጉ ጋዜጦች እንዳሉ አውቃለሁ። ኒው ዮርክ ታይምስ በ2012 እ.ኤ.አ. ዘጋቢዎቹ ጥቅስን አስቀድሞ አስጸድቆ የማተም ውል እንዳይገቡ ከልክሏል። ያኔ የፖለቲካ ሰዎችና አማካሪዎቻቸው ቃላቸውን እየቆረጡ እየቀጠሉ ያስቸግሩ ስለነበር ነው። እኔም ባለሥልጣን ባነጋግር አልክም። የምለካው በሰውየው ሥልጣን ነው። ጋሼ ቃላቸውን የሚያስተካክልላቸው ቃል አቀባይ የላቸውም።

አሁን ወደ መልሱ። ልጅቷ የጻፈችው እንዲህ ነው፦

«1 እና 3 ልክ ናቸው ብሏል።
2 በፈረንጅ ነው።
4 ስህተት ነው። አፈር አፈር ይላል ያልኩት ስድብ ነው እንጂ ምስጋና አይደለም ብሏል።
5ን አውጣልኝ ብሏል።»

ጥቅስ 4 ነው ያቃጠለኝ። ጋሼ በ51ኛው ደቂቃ ላይ ያሉት ቃል በቃል «መሬት ላይ የደረቀ ቡና አፈር አፈር ይላል» ነው። እኔ አንድም ፊደል አልቀየርኩም። ከፊቱ ግን ይህችን ጻፍኩ፦ «ጥሩ ቀማሽ ቡናው የበቀለበትን አፈር ሳይቀር ይለያል።» ቆንጆ መስላኝ ነበር። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ከፊት ስትሆን የጋሼ ቃል ውዳሴ ይሆናል። እሳቸው ያወሩት ግን ስለ ጉድለት ነው። ቀዩን ፍሬ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ሳይሆን በባዶ መሬት ላይ ስታሰጣው የአፈር ሽታ ይይዛል። በቅምሻ ጊዜ ሙቅ ውኃው ከፈሰሰ ከአራት ደቂቃ ገደማ በኋላ ላይ ላዩን የተንሳፈፈውን ዱቄት በማንኪያ ሲሰብሩት ያ ሽታ ፊታቸው ላይ ይመጣል፤ ያኔ ናሙናው ነጥብ ያጣል። ይህንን በ49ኛው ደቂቃ ላይ ነግረውኛል። መልሼ ስሰማው አለ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ጥቅሶቹን ብቻ ነጥዬ ልኬላቸው ቢሆን ኖሮ «ልክ ነው፣ ብያለሁ» ይሉኝ ነበር። ብለዋልና። የተያዝኩት ከፊቱ ያለችውን ዓረፍተ ነገር አብሬ ስለላክሁ ነው። ከዚህ በኋላ ጥቅስን ራቁቱን አልክም።

ጥቅስ 2ም ቀላል አልሆነም። «ቅምሻ የጀመርኩት በ84 ነው» ነበር ያሉት። እኔ በኛ አቆጣጠር 1984 ይሆናል ብዬ «ደርግ በወደቀ ማግስት፣ ግል ነጋዴው ወደ ገበያው ሲመለስ» የሚል አንቀጽ ገንብቼበት ነበር። ለመሆኑ ለምን ጠረጠርኩ? ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከውጭ ገዢ ጋር ስለሠሩ አንዳንዴ ዓመት በፈረንጅ ይጠራሉ። ቅጂው ላይ «በ75 ብራዚልን ውርጭ የመታው ጊዜ» ሲሉ ሰማሁ። ያ ውርጭ በፈረንጅ 1975 መሆኑን አውቃለሁ። እንግዲህ 84ም በፈረንጅ ከሆነ በኛ 1976 ወይም 77 ነው። ያኔ ደርግ ቤቱ አልፈረሰም፣ የወጪ ቡናው በአብዛኛው በመንግሥት ድርጅት እጅ ነው። አንቀጼ ከነጣሪያው ወረደ። አንድ ጥያቄ ምልክት አዳነኝ ማለት እችላለሁ፤ በሌላ በኩል መጠየቅ የነበረብኝ እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጬ ሳለ ነበር።

ጥቅስ 5። ይኼኛው ላይ መልስ ከመጻፍ ደወልኩ። «አለቃችን ሻይና ቡና አይለይም ነበር» ብለው ስቀን ነበር። ጋሼ ስልኩን ሲያነሱ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ልጄ፣ ያቺን አውጣት» አሉኝ። ለምን ብዬ ጠየቅሁ።

«ሰውዬው ሞቷል። ልጆቹ ግን አሉ፣ ያነባሉ። ደሞ ስም ባልጠራ ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።»

አወጣኋት። ሳቅ ናት፣ አንባቢ ካላወቃት የሚያጣው ነገር የለም። ስለ ተጭበረበረ ናሙና ቢሆን ኖሮ አላወጣም ነበር፣ ይህንንም ለራሳቸው ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እሱማ ቢሆን እኔም አውጣ አልልህም» አሉኝ። ኢሜይሉ ላይ «እንነጋገርበታለን» ብዬ ባልጽፍ ይህ ስልክ አይደወልም ነበር። ወይ እሺ ብዬ ዝም ብዬ አወጣ ነበር፣ ወይ ቅጂው አለኝ ብዬ እከራከራቸው ነበር።

አሁን ጥቅስ 4ን ከነፊቱ እንደገና ጻፍኩት፦ «የማድረቂያው ጥፋት ስኒው ውስጥ ይገኛል ይላሉ። ‹መሬት ላይ የደረቀ ቡና አፈር አፈር ይላል።›» ሌላውን ሁሉ ትቼ ይህችን ብቻ መልሼ ላክሁ። የተቀየረ ነገር እንደገና መታየት አለበት። ርዕሱ «አንድ ጥቅስ ብቻ፣ እስከ ነገ በአዲስ አበባ ከቀኑ 6 ሰዓት» ይላል።

ልጅቷ ወዲያው መለሰች፦ «አባቴ ተኝቷል፤ ጠዋት እናንተ ጋ ከቡናው በፊት አነብለታለሁ።» ቨርጂኒያ ያኔ ውድቅት ሌሊት ነው። ለአንድ ዓረፍተ ነገር ስትል ልትነቃ ነው። ማንቂያውን ተይው፣ እኔው ደውዬ አነብላቸዋለሁ ብዬ ጻፍኩላት።