ተበዳሪው ማን ነው?

ደሴ ላይ በሒሳብ አማካሪነት ስሠራ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ የካርቶን ማሸጊያ ማምረት ለሚፈልግ አንድ የውጭ ኩባንያ የምዝገባውን ሥራ አግዝ ነበር። ባለሀብቶቹ ቅርንጫፍ ለመክፈት ቆርጠው ነበር። ምክንያታቸው ሲጠየቅ፣ አዲስ ማኅበር ከማቋቋም ይልቅ ያለውን ኩባንያ ማስመዝገብ ይቀላል፣ ቃለ ጉባኤና የባለአክሲዮኖች ስብሰባም አያስፈልግም የሚል ነበር። የቦርዱ ውሳኔ፣ የመመሥረቻ ጽሑፉና የውክልና ሥልጣኑ ከአገራቸው ኖታሪ ጀምሮ በኢትዮጵያ ኤምባሲ፣ ከዚያም አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጠው፣ ማኅተም በማኅተም ላይ ተደርቦ ደርሰውኝ ነበር።

ነገሩ የተቀየረው የሥራ ማስኬጃ ብድር ለመጠየቅ ከወኪላቸው ጋር ወደ አንድ ባንክ ስንሄድ ነው። የብድር ኃላፊዋ ማመልከቻውን አንብበው፣ «ተበዳሪው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ወኪሉ፣ «እዚህ ኮምቦልቻ ያለው ቅርንጫፍ ነዋ» አሉ። «ቅርንጫፉማ የራሱ የሕግ ሰውነት የለውም» አሉ ኃላፊዋ፤ «ውሉን የሚፈርመው የውጭው ኩባንያ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ የምጠይቅዎት የእሱን ኦዲት የተደረገ ሒሳብ ነው።» ወኪሉ ዝም አሉ። ባለሀብቶቹ የቤተሰብ ኩባንያ ናቸው፤ የሌሎች አገሮች ሥራቸውን ሒሳብ ኮምቦልቻ ላይ ለማቅረብ ፈጽሞ አላሰቡም።

ማታውን ጉዳዩን በቁጥር ለወኪሉ አስረዳኋቸው። ፋብሪካው የወረቀት ጥቅል በዱቤ ገዝቶ 18 ሚሊዮን ብር ዕዳ ገባ፣ ኮምቦልቻ ያለው ንብረት ሁሉ ቢሸጥ ግን 11 ሚሊዮን ብር ብቻ አወጣ እንበል። ሥራው በቅርንጫፍ ከሆነ፣ ቀሪውን 7 ሚሊዮን አቅራቢው ከእናት ኩባንያው ላይ ይጠይቃል፤ ባለዕዳው ከመጀመሪያውም እርሱ ነውና። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ተቋቁሞ ቢሆን ግን፣ ማኅበሩ በራሱ ስም የሚከስና የሚከሰስ በመሆኑ፣ እናት ኩባንያው በመርህ ደረጃ የሚያጣው ያዋጣውን ካፒታል ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ እናት ኩባንያው በአገሩ ለሌላ ሥራ ተበድሮ ዕዳውን መክፈል ቢያቅተው፣ የቅርንጫፉ ማሽኖች የእርሱው ንብረት ስለሆኑ ፋብሪካው ትርፋማ ሆኖ ሳለ እንኳ ከገንዘብ ጠያቂዎቹ ክርክር ውጭ አይሆኑም።

ወኪሉ የግብር ሪፖርቱ ይበዛ እንደሆነ ጠየቁኝ። ልዩነቱ እንደሚወራው ትልቅ አይደለም። ቅርንጫፍም ቢሆን እዚህ የተለየ መዝገብ ይይዛል፤ የሒሳብ ዓመቱ ባለቀ በ4 ወር ውስጥ ያሳውቃል፤ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረትም ወደ ውጭ የሚያስተላልፈው ትርፍ፣ ማኅበሩ ለባለድርሻዎቹ እንደሚከፍለው የትርፍ ድርሻ ሁሉ፣ ራሱን የቻለ ግብር አለበት። የ200,000 ዶላሩ ዝቅተኛ የውጭ ካፒታል ግዴታም ቅርንጫፍ በመክፈት አይቀርም። ልዩነቱ የሚጎላው ሪፖርቱ የማን ነው በሚለው ላይ ነው። ማኅበሩ የሚያቀርበው የራሱን ሒሳብ ሲሆን፣ ከቅርንጫፉ ጀርባ ግን ምንጊዜም የእናት ኩባንያው ሒሳብ አለ፤ ባንክ ወይም ትልቅ ደንበኛ ሲጠይቅ ይወጣል። በአንጻሩ ማኅበሩ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ከእናት ኩባንያው የሚገዛውን ጥሬ ዕቃም በገበያ ዋጋ በውልና በደረሰኝ መግዛት አለበት። ይህ እንደ ጣጣ ቢታይም የኃላፊነቱ ወሰን የሚጠበቀው በዚሁ ነው። ደመወዙን እናት ኩባንያው በቀጥታ የሚከፍል፣ የሁለቱም ገንዘብ በአንድ የባንክ ሒሳብ የሚንቀሳቀስ፣ ውሳኔው በስልክ ብቻ የሚተላለፍ ከሆነ፣ አበዳሪ በፍርድ ቤት ማኅበሩ ሽፋን ነው ብሎ ለመከራከር በቂ መነሻ ያገኛል።

ባለሀብቶቹ ማኅበር ለማቋቋም ተስማሙ። የእናት ኩባንያው የመመሥረቻ ጽሑፍ እንዳለ አገለገለ፤ የቦርዱ ውሳኔና ውክልናው ግን «ቅርንጫፍ ለመክፈት» የሚሉ ስለነበሩ፣ «ማኅበር ለማቋቋምና ድርሻ ለመያዝ» በሚል ተጽፈው ያንኑ የማኅተም ጉዞ እንደገና ጀመሩ። መዘግየቱ ወኪሉን ቢያስመርራቸውም፣ ከአንድ ዓመት ሥራ በኋላ ቅርንጫፉን ወደ ማኅበር ለመቀየር ከመሞከር ይሻላል። ያኔ የሚፈጠረው በሕግ ፊት አዲስ ሰው ነው፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ የመሬት ኪራይ ውሉና የሠራተኞቹ ውል አንድ በአንድ መዛወር አለባቸው።

ወደ ባንኩ ስንመለስ ኃላፊዋ አዲሱ ማኅበር ታሪክ ስለሌለው የእናት ኩባንያውን ዋስትና ጠየቁ። ወኪሉ፣ «እንግዲያ ምን አተረፍን?» አሉኝ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት የዋስትና ውል ከፍተኛውን የገንዘብ መጠን ካልገለጸ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ባንኩ ለሥራ ማስኬጃው ብድር የተወሰነ መጠን ጽፎ ዋስትናውን ተቀበለ፤ የወረቀት አቅራቢው ዱቤ ግን ከዋስትናው ውጭ ሆኖ በማኅበሩ ላይ ብቻ ቀረ።