በበጋ የወጣ ኮር፣ በክረምት የሚቆፈር ዋሻ፦ በወሎ ባዛልት ላይ አለት እንዴት እንደመደብኩ

የወሎ ተራሮች አብዛኛው አካላቸው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየተደራረበ የፈሰሰ ባዛልት ነው። የፈሰሰው ላቫ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፤ ብዙ ቦታ ስንጥቁ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ አለቱ ምሰሶ ምሰሶ ሆኖ ይቆማል። በሁለት ፍሰቶች መካከል ደግሞ ቀጣዩ ላቫ እስኪመጣ ድረስ ፀሐይና ዝናብ ያበሰበሱት የድሮ መሬት ቀይ ሸክላ ሆኖ ተቀብሮ ይገኛል። ከኮምቦልቻ በላይ ባለው ዳገት ለታሰበ 10 ሜትር ስፋት ላለው የመንገድ ዋሻ የአለት ምደባ ስሠራ ሥራውን ሁሉ የወሰኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ቀጥ ያለው ስንጥቅና ቀዩ ሸክላ።

የተጠቀምኩት ቢኒያውስኪ እ.ኤ.አ. በ1989 ያሻሻለውን አር.ኤም.አር የተባለውን ምደባ ነው። አለቱ በአምስት ነገር ነጥብ ይሰጠዋል፦ በጥንካሬው፣ ተቆፍሮ በሚወጣው የአለት ዘንግ ማለትም በኮሩ ውስጥ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆኑት ቁራጮች በመቶ ስንት እንደሆኑ በሚናገረው አር.ኪው.ዲ፣ በስንጥቆች መካከል ባለው ርቀት፣ በስንጥቁ ገጽ ሁኔታ እና በውሃው። ከድምሩ ላይ ስንጥቁ ለዋሻው ባለው አቅጣጫ ልክ ይቀነሳል። ቀሪው ከ80 በላይ ከሆነ አለቱ አንደኛ ደረጃ ነው፤ ከ41 እስከ 60 ሦስተኛ፣ ከ21 እስከ 40 አራተኛ ይባላል።

መጀመሪያ የደረሰኝ በጥር ወር ተቆፍሮ የወጣ ኮር ነበር። ሳጥኑ ሲከፈት ዓይን ይማርካል፤ ረጃጅም፣ ጥቁር፣ ሲመቱት የሚጮህ ባዛልት። ጥንካሬው 120 ሜጋፓስካል ገደማ ስለሆነ 12 ነጥብ ያገኛል። አር.ኪው.ዲው 92 በመቶ ነው፣ 20 ነጥብ። ስንጥቆቹ በአማካይ በየ70 ሳንቲ ሜትሩ ናቸው፣ 15 ነጥብ። ገጻቸው ትንሽ ሻካራና ብዙም ያልበሰበሰ ስለሆነ 25 ነጥብ፣ ጉድጓዱ ደረቅ ስለነበር ደግሞ 15 ነጥብ። ድምሩ 87 ይሆናል። በኮሩ የታዩት ስንጥቆች አግድም ስለሆኑ 5 ሲቀነስ 82 ይቀራል፤ አንደኛ ደረጃ። በዚህ ቁጥር ከሄድን ዋሻው አልፎ አልፎ ወደ አለቱ ከሚመታ የብረት ቦልት በቀር ድጋፍ አይፈልግም ማለት ነው።

ቁጥሩን እንዲሁ ያልተቀበልኩት ጉድጓዱ የተቆፈረው ወደ ታች ቀጥ ብሎ ስለሆነ ነው። ምሰሶዎቹም ወደ ታች ቀጥ ያሉ ናቸው። በምሰሶ ሆድ ውስጥ የወረደ ጉድጓድ ጎንና ጎኑ ያሉትን ስንጥቆች ሊነካቸው አይችልም፤ የሚቆርጠው አግድም የሆኑትን ብቻ ነው። ስለዚህ ኮሩ ስለ ቀጥተኛው ስንጥቅ የነገረን ምንም ነገር የለም።

መፍትሔው ሜትር ይዞ መንገድ የቆረጠው ገደል ጋ መሄድ ነው። ሜትሩን በአግድም እንወጥረውና የሚያቋርጠውን እያንዳንዱን ስንጥቅ እንመዘግባለን፦ ስንተኛው ሳንቲ ሜትር ላይ እንደሆነ፣ ወዴት እንደሚያመራ፣ ምን ያህል እንደተከፈተ፣ ውስጡ ምን እንዳለ። ሜትሩ ስንጥቁን በሰያፍ ካቋረጠው የተለካው ርቀት ከእውነተኛው ይበልጣል፤ በመካከላቸው ባለው ማዕዘን ሳይን ተባዝቶ ይታረማል። ልኬቱን እርስ በርስ ቀጥ ብለው በሚገናኙ ሁለት የገደል ገጾች ላይ መድገም የግድ ነው፤ አንዱ ገጽ ከእርሱ ጋር ትይዩ የሆኑትን ስንጥቆች ይደብቃልና።

ውጤቱ ሌላ አለት የተመደበ ያስመስላል። ቀጥ ያሉት ስንጥቆች በአንዱ አቅጣጫ በየ15፣ በሌላው በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ናቸው። በሜትር ስንት ስንጥቅ እንዳለ ከሦስቱም አቅጣጫ ሲደመር 6.7፣ 4 እና 1.4 ነው፤ 12 ገደማ። ከዚህ አር.ኪው.ዲ በፓልምስትሮም ቀመር ሲገመት 110 − 2.5 × 12 = 80 ይመጣል። ልብ በሉ፣ ነጥቡ የወረደው ከ20 ወደ 17 ብቻ ነው። አር.ኪው.ዲ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነውን ቁራጭ ሁሉ እኩል ስለሚቆጥር 15 ሳንቲ ሜትር ቁራጭና አንድ ሜትር ቁራጭ ለእርሱ አንድ ናቸው። ልዩነቱን የሚይዘው የስንጥቆች ርቀት ነው፤ እርሱ ከ15 ወደ 8 ወርዷል። ቀጥ ያሉት ስንጥቆች ገጻቸው ይበልጥ በስብሷል፣ 20 ነጥብ። አንደኛው ወገን ከዋሻው ጋር ትይዩ ስለሚሄድ የሚቀነሰው 12 ነው። ያው ደረቅ አለት አሁን 60 ሆነ፤ ሦስተኛ ደረጃ።

በጣሪያው ላይ የሚሆነውን ማሰብ ነው። ቀጭን ምሰሶ ከላይ ተንጠልጥሎ የሚቆየው ጎረቤቶቹ ከጎን ስለሚጫኑትና ገጹ ሻካራ ስለሆነ ብቻ ነው። ዋሻው ከመሬቱ ብዙም ካልጠለቀ የጎኑ ግፊት ትንሽ ነው። አግድሙ ስንጥቅ ምሰሶውን ከላይ ከቆረጠው ደግሞ የሚይዘው አይኖርም።

ውሃ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ስንጥቅ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ሁለቱን ገጾች ይገፋቸዋል፣ መተሻሸታቸውም ይቀንሳል። ወሎ ደግሞ በልግም ክረምትም የሚዘንብበት አገር ስለሆነ የጥር ወር ደረቅ ጉድጓድ የዓመቱን ነገር አይነግርም። ከገደሉ ሥር ጀሪካን ይዘው ያገኘኋቸውን እናት፣ «ውሃውን ከየት ነው የሚቀዱት እማማ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምንጩማ ከቀዩ አፈር አናት ነው የሚወጣው ልጄ» አሉኝ። «ክረምት ከገባ እስከ ጥቅምት አይነጥፍም። በልግም ዝናብ ከጣለ ይመለሳል።»

ሄጄ አየሁት፤ እንዳሉት ነው። ዝናቡ በቀጥተኛው ስንጥቅ ይወርድና ሸክላው አላሳልፍ ሲለው በላዩ ተኝቶ ወደ ጎን ይፈሳል። ዋሻው ያንን መስመር ሲያቋርጥ ውሃው የሚያገኘው መውጫ የዋሻው ጣሪያ ነው። ስለዚህ የውሃውን ነጥብ ለክረምት፣ ለሚያንጠባጥብ ሁኔታ ሰጠሁ፤ 4። ንጹሑ ባዛልት ከ60 ወደ 49 ወረደ፣ ደረጃው ግን አልተለወጠም። ከሸክላው በላይ ያለው ጥቂት ሜትር የበሰበሰ ባዛልት ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ጥንካሬው 7፣ አር.ኪው.ዲው 17፣ የስንጥቆቹ ርቀት 8፣ ሸክላ የገባበት ገጽ 10። ደረቅ ቢሆን 15 ተጨምሮና 12 ተቀንሶ 45 ይሆናል፤ ሲያንጠባጥብ 34። ውሃው ብቻውን ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ደረጃ አወረደው።

ይህ በሥራው ላይ ትልቅ ልዩነት ነው። በሦስተኛ ደረጃ የዋሻው የላይኛው ክፍል በአንዴ ከ1.5 እስከ 3 ሜትር ይቆፈራል፣ ጣሪያው ላይ ሾትክሪት የሚባል የሚረጭ ኮንክሪት ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይለበጣል። በአራተኛ ደረጃ ቁፋሮው ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ያጥራል፣ ሾትክሪቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ እንደ አስፈላጊነቱም በየ1.5 ሜትሩ የብረት ቅስት ይቆማል። ሾትክሪት በሚያንጠባጥብ አለት ላይ ስለማይጣበቅና የቦልቱን ሲሚንቶም ውሃ ስለሚያጥበው፣ አስቀድሞ ውሃውን የሚያወጡ ቀዳዳዎች ወደፊት እንዲቆፈሩ በሪፖርቱ ጻፍኩ። ከቀዳዳው የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። ቀላ ካለ ሸክላው እየታጠበ ስንጥቁ እየሰፋ ነው ማለት ነውና ቁፋሮው ቆሞ ጣሪያው ይደገፍ። የረጋው ሾትክሪት በመዶሻ ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከአለቱ ተላቋል።

ቀዩን ሸክላ ራሱን ግን በአር.ኤም.አር አልመደብኩትም። ደረቁን ጓል በእጄ መስበር አልቻልኩም ነበር፤ በሻይ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስከተው ዳር ዳሩ ወዲያው ይረግፍ ጀመር፣ ቆይቶም ጭቃ ሆነ። እንዲህ ያለው ነገር አለት ሳይሆን አፈር ስለሆነ ናሙናውን ለአፈር ላቦራቶሪ ላክሁ።

ዋሻውን በኮምፒውተር ለሚያሰላው ባልደረባዬ የሰጠሁት ቁጥርም ከድጋፉ ቁጥር የተለየ ነው። እርሱ የውሃውን ግፊት በስሌቱ ውስጥ ለብቻው ያስገባል። ስለዚህ ለእርሱ የውሃውን ነጥብ 15 አድርጌ፣ የአቅጣጫውንም ቅናሽ ትቼ ሰጠሁት፤ አለዚያ ያው ውሃ ሁለት ጊዜ ይቆጠርና አለቱ ካለው በላይ ደካማ ሆኖ ይወጣል።